የምንዛሪ ጥንዶች ተዛምዶ እና በብዙ ግብይቶች ውስጥ የሚደበቅ አንድ ስጋት

1. መግቢያ

የምንዛሪ ጥንድ የአንድን አገር ገንዘብ ዋጋ በሌላ አገር ገንዘብ የሚገልጽ ቁጥር ነው። ዩሮ/ዶላር 1.08 ነው ሲባል አንድ ዩሮ በ1.08 ዶላር ይመነዘራል ማለት ነው። ይህን ጥንድ የሚገዛ ሰው በአንድ ትእዛዝ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ዩሮ ይገዛል፣ ዶላር ይሸጣል። ከዚህ የተነሣ እያንዳንዱ የምንዛሪ ግብይት ሁለት ወገን አለው፤ የሚጠበቀው ትርፍም ሆነ የሚፈራው ኪሳራ ከሁለቱ ወገኖች ከማናቸውም ሊመጣ ይችላል።

ይህ ቀላል እውነት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አንድ ነጋዴ ገንዘቡን በአራት ጥንዶች ላይ ከፋፍሎ ሲያውል አራት የተለያዩ ግብይቶች እንደያዘ፣ አንዱ ቢከስር ሌላው እንደሚክሰው ያስባል። ይሁንና አራቱ ጥንዶች በአንድ ወገናቸው ላይ የሚገኘው ገንዘብ አንድ ዓይነት ከሆነ ነጋዴው በእጁ ያለው በአብዛኛው አንድ ግብይት ነው፤ ልዩነቱ በአራት ስም መጻፉ ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ በምንዛሪ ጥንዶች መካከል ያለው ተዛምዶ ከየት እንደሚመነጭ፣ የግብይት ብዛት ስጋትን እንዴት እንደሚሸፍን፣ የተሸፈነውም ስጋት አስቀድሞ እንዴት ሊገለጥ እንደሚችል ያብራራል። ለማሳያነት በዋነኛነት የሚወሰደው እ.ኤ.አ. በ2024 የበጋ ወራት በጃፓን የን ላይ የደረሰው ድንገተኛ የዋጋ ለውጥ ነው።

2. ሦስት ስም ያለው አንድ ዕዳ

ነገሩን ለመረዳት ከሁሉም ግልጽ የሆነው ምሳሌ ከአፍሪካ ቀንድ ንግድ ሊወሰድ ይችላል። አንድ የአዲስ አበባ አስመጪ ሦስት ዕዳዎች አሉበት እንበል። ለዕቃ አቅራቢው 100,000 የአሜሪካ ዶላር፣ በዱባይ ላለ ሻጭ 367,250 የኤምሬትስ ድርሃም፣ ለወደብና ለማጓጓዣ አገልግሎት ደግሞ 17,772,100 የጅቡቲ ፍራንክ መክፈል አለበት። በመዝገቡ ላይ የሰፈሩት ሦስት የተለያዩ ገንዘቦች ናቸው፤ አበዳሪዎቹም በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ይገኛሉ። ዕዳው የተበታተነ ይመስላል።

ይሁን እንጂ የኤምሬትስ ድርሃም በአንድ ዶላር 3.6725 ድርሃም፣ የጅቡቲ ፍራንክም በአንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ተመን ከዶላር ጋር የታሰሩ ናቸው። ስለዚህ ሦስቱ ዕዳዎች እያንዳንዳቸው 100,000 ዶላር ናቸው። አስመጪው ያለበት የ300,000 ዶላር ዕዳ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2024 የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጓ በፊት ዶላር በባንኮች በ57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በ57 ብር ሲሰላ 17.1 ሚሊዮን ብር የነበረው ጠቅላላ ዕዳ በ100 ብር ሲሰላ 30 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ድርሃሙም ፍራንኩም ከዶላሩ ጋር እኩል ስለሚወደዱ ከሦስቱ ዕዳዎች አንዱም ሌላውን አያቀልም።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ያለው ተዛምዶ ፍጹም ነው። ብር/ዶላር፣ ብር/ድርሃም እና ብር/ፍራንክ የሚባሉት ዋጋዎች በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ አቅጣጫና በተመሳሳይ መቶኛ ይንቀሳቀሳሉ። በዓለም ገበያ በነጻ የሚዋዠቁ ገንዘቦችን በተመለከተ ተዛምዶው እንዲህ ፍጹም አይሆንም፤ የሚፈጠርበት ምክንያት ግን ተመሳሳይ ነው።

3. ተዛምዶ ከየት ይመነጫል

በስታቲስቲክስ ቋንቋ ተዛምዶ ሁለት ዋጋዎች አብረው የመንቀሳቀሳቸውን መጠን የሚገልጽ፣ ከ−1 እስከ +1 የሚደርስ ቁጥር ነው። +1 ሲሆን ሁለቱ ዋጋዎች ሁልጊዜ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። 0 ሲሆን የአንዱ ለውጥ ስለሌላው ለውጥ አንዳች አይናገርም። −1 ሲሆን ደግሞ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሁልጊዜ ይወርዳል።

የምንዛሪ ጥንዶች ተዛምዶ የመጀመሪያ ምንጩ የሂሳብ ግዴታ ነው። የዩሮ/የን ዋጋ የዩሮ/ዶላር እና የዶላር/የን ዋጋዎች ብዜት ነው። እንደዚሁም የፓውንድ/የን ዋጋ የፓውንድ/ዶላር እና የዶላር/የን ብዜት ነው። በሁለቱ ውስጥ ዶላር/የን አለ። የን ሲጠናከር ዶላር/የን ይወርዳል፤ እርሱ ሲወርድም ዩሮ/የንንና ፓውንድ/የንን ይዟቸው ይወርዳል። ይህ የሚሆነው በአውሮፓም ሆነ በብሪታንያ ምንም አዲስ ነገር ሳይፈጠር ነው።

ይህ ግዴታ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ በቀላል ግምት ማሳየት ይቻላል። ዩሮ፣ ፓውንድና የን እያንዳንዳቸው እርስ በርስ ሳይገናኙ፣ በእኩል መጠን የሚዋዠቁ ናቸው ተብሎ ቢታሰብ እንኳ በዩሮ/የን እና በፓውንድ/የን መካከል ያለው ተዛምዶ 0.5 ይሆናል፤ የእያንዳንዱ ጥንድ ልይይት ግማሹ ከየን የመጣ ነውና። የን ከሌሎቹ ሁለት እጥፍ ቢዋዠቅ ተዛምዶው ወደ 0.8 ከፍ ይላል። ሦስት እጥፍ ቢዋዠቅ 0.9 ይደርሳል።

ከዚህ ስሌት አንድ አስፈላጊ ነገር ይገኛል። በጸጥታው ጊዜ የን እንደ ሌሎቹ በመጠኑ ስለሚንቀሳቀስ በየን ጥንዶች መካከል የሚለካው ተዛምዶ መካከለኛ ይሆናል፤ ነጋዴውም ጥንዶቹ በቂ ልዩነት እንዳላቸው ያምናል። የን በድንገት ሲነቃነቅ ግን ተዛምዶው በዚያው ሰዓት ያሻቅባል። የመበታተን ጥቅም የሚጠፋው በትክክል በሚያስፈልግበት ቀን ነው። ይህ የገበያ ክፋት ወይም ያልታደለ አጋጣሚ አይደለም፤ የጋራው ገንዘብ በሁሉም ጥንዶች ውስጥ ስላለ የሚከተል ውጤት ነው።

4. የግብይት ብዛትና የውርርድ ብዛት

ተዛምዶ ያላቸው ግብይቶች ስንት ነጻ ውርርዶችን እንደሚያህሉ በሚከተለው ቀመር መገመት ይቻላል፤ n የግብይቶቹ ብዛት ሲሆን r በመካከላቸው ያለው አማካይ ተዛምዶ ነው።

```
n / (1 + (n − 1) × r)
```

ቀመሩ ግብይቶቹ በመጠንና በመዋዠቅ ተቀራራቢ ሲሆኑ ይሠራል። አራት ግብይቶች ምንም ተዛምዶ ከሌላቸው ውጤቱ 4 ነው፤ በእርግጥም አራት ውርርዶች ናቸው። ተዛምዶው 0.5 ሲሆን ውጤቱ 1.6 ይሆናል። 0.8 ሲሆን 1.18 ብቻ ይሆናል። ያ ማለት አራቱ ግብይቶች ከአንድ ውርርድ እምብዛም አይበልጡም።

ነጋዴው ይህን በመመልከት ግብይቶቹን ወደ ስምንት ቢያሳድግስ? ተዛምዶው 0.8 እንደሆነ ከቀጠለ የስምንቱ ግብይቶች ውጤት 1.21 ነው። አራት ተጨማሪ ግብይቶች ያስገኙት ጥቅም ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ግብይቶቹ መቶ ቢደርሱም ውጤቱ 1.25ን አያልፍም። ስለዚህ ተመሳሳይ ግብይቶችን መደራረብ ስጋትን አይበትንም፤ እያንዳንዱ አዲስ ግብይት በአዲስ ገንዘብ ከተያዘ ደግሞ ያበዛዋል።

ይህንኑ በገንዘብ መጠን መግለጽ ይቻላል። ነጋዴው 20,000 ዶላር ካፒታል አለው፤ አራቱ ግብይቶች እያንዳንዳቸው በተለመደ ቀን 200 ዶላር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይዋዠቃሉ እንበል። ተዛምዶ ከሌላቸው የአራቱ ድምር የዕለት መዋዠቅ 400 ዶላር ነው፤ የአንዱ ትርፍ የሌላውን ኪሳራ በከፊል ያጣፋልና። ተዛምዶው 0.8 ሲሆን ድምሩ ወደ 738 ዶላር ይደርሳል። ፍጹም ቢሆን 800 ዶላር ይሆናል። ነጋዴው በ400 ዶላር መዋዠቅ ልኩን አዘጋጅቶ ሳለ በተግባር የተሸከመው ወደ ሁለት እጥፍ የተጠጋ ነው።

5. የ2024ቱ የየን ክስተት

እ.ኤ.አ. በ2024 አጋማሽ በዓለም ገበያ እጅግ የተስፋፋ አንድ የንግድ ዓይነት ነበረ። በጃፓን ወለድ ለዜሮ የቀረበ ሲሆን በአሜሪካ የማዕከላዊ ባንኩ ተመን ከ5.25 እስከ 5.50 በመቶ፣ በብሪታንያ 5.25 በመቶ፣ በአውስትራሊያ 4.35 በመቶ ነበር። በርካሽ ወለድ የን ተበድሮ ከፍ ያለ ወለድ የሚከፈልበትን ገንዘብ መግዛት የወለዱን ልዩነት ያስገኛል። ጥንድ ለሚገበያይ ሰው ይህ ማለት ዶላር/የንን፣ ፓውንድ/የንን፣ አውስትራሊያ ዶላር/የንንና የመሳሰሉትን ገዝቶ መቆየት ነው። የን ለወራት ሲዳከም ስለቆየ ነጋዴዎች ከወለዱም ከዋጋውም ያተርፉ ነበር።

በጁላይ ወር መጀመሪያ ዶላር/የን ወደ 162 ተጠጋ። ጁላይ 11 እና 12 ቀን የጃፓን መንግሥት የን ለመደገፍ በገበያው ጣልቃ ገባ። ጁላይ 31 ቀን የጃፓን ማዕከላዊ ባንክ የወለድ ተመኑን ወደ 0.25 በመቶ ከፍ አደረገ። ኦገስት 2 ቀን የወጣው የአሜሪካ የሥራ ስምሪት መግለጫ የሥራ አጥነት መጠን 4.3 በመቶ መድረሱን ሲያሳይ አሜሪካ ወለዷን ትቀንሳለች የሚለው ግምት በረታ። የወለዱ ልዩነት ከሁለቱም በኩል ሊጠብ መሆኑ ሲታይ የን የተበደሩ ሁሉ ዕዳቸውን ለመክፈል የን መግዛት ጀመሩ፤ ግዢው የንን አስወደደ፤ የየን መወደድም ሌሎችን እንዲገዙ አስገደደ። ኦገስት 5 ቀን ዶላር/የን ወደ 142 ወረደ፤ በዚያው ቀን የቶኪዮው የኒኬይ የአክሲዮን መለኪያ 12.4 በመቶ ወደቀ።

ከላይ የተጠቀሰው፣ 20,000 ዶላር ካፒታል ያለው ነጋዴ በጁላይ ከፍታ ላይ አራት ጥንዶችን በእያንዳንዱ 20,000 ዶላር ዋጋ ገዝቶ ነበር እንበል። የጥንዶቹ ዋጋ ከጁላይ ከፍታቸው እስከ ኦገስት 5 ዝቅታቸው በግርድፉ እንደሚከተለው ነበር።

ዶላር/የን ከ162 ወደ 142፤ 12.3 በመቶ ወረደ።
ዩሮ/የን ከ175 ወደ 154፤ 12.0 በመቶ ወረደ።
ፓውንድ/የን ከ208 ወደ 180፤ 13.5 በመቶ ወረደ።
አውስትራሊያ ዶላር/የን ከ109 ወደ 90፤ 17.4 በመቶ ወረደ።

ነጋዴው በጠቅላላ 12.96 ሚሊዮን የን ተበድሯል፤ ይህም በ162 ሲሰላ 80,000 ዶላር ነው። የአራቱ ግብይቶች ኪሳራ ሲደመር 1.79 ሚሊዮን የን ገደማ ይሆናል፤ በ142 ሲመነዘር ወደ 12,600 ዶላር ነው። ከካፒታሉ 63 በመቶ ያህሉ በአንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ጠፋ። አራቱ ግብይቶች ያስገኙለት የነበረው ወለድ፣ አገናኝ ድርጅቱ የሚቀንሰው ሳይታሰብ፣ በዓመት 3,700 ዶላር ገደማ ነው። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት የጠፋው ገንዘብ ከሦስት ዓመት የወለድ ገቢ ይበልጣል።

ኪሳራው ከየት እንደመጣ ሲመረመር የአራቱ ስሞች ትርጉም ይበልጥ ይገለጣል። የ12.96 ሚሊዮን የን ዕዳ በ142 ሲሰላ ከ80,000 ወደ 91,270 ዶላር ገደማ ከፍ ብሏል። በዚህ መንገድ ብቻ 11,270 ዶላር ያህል ጠፍቷል። የቀረው 1,330 ዶላር ገደማ የመጣው ሌሎቹ ገንዘቦች በዶላር ሲለኩ ስለተለወጡ፣ በተለይም የአውስትራሊያ ዶላር ስለወደቀ ነው። ከአሥሩ የኪሳራ እጅ ዘጠኙ የየን ነው። ነጋዴው ስለ ዩሮ፣ ስለ ፓውንድና ስለ አውስትራሊያ ምጣኔ ሀብት ያደረገው ጥናት ትክክል ይሁን ስሕተት በውጤቱ ላይ የነበረው ድርሻ ከአንድ አሥረኛ እምብዛም አይበልጥም። በአራት ጥንዶች የተወራረደው በአንድ ጥያቄ ላይ ነበር፤ ጥያቄውም የን እንደተዳከመ ይቀጥላል ወይ የሚል ነው።

እዚህ ላይ የኪሳራ ማቆሚያ ትእዛዝ ይህን አይከላከልም ወይ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ነጋዴው ለእያንዳንዱ ግብይት የካፒታሉን 2 በመቶ የሚያስከስር የማቆሚያ ዋጋ አስቀምጦ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቀን የሚደርስበት ኪሳራ 2 በመቶ እንደሆነ ያስብ ነበር። ይሁንና የን ሲነሣ አራቱም የማቆሚያ ዋጋዎች በጥቂት ሰዓታት ልዩነት ይነካሉ፤ ኪሳራውም 8 በመቶ ይሆናል። ትእዛዞቹ የእያንዳንዱን ግብይት ኪሳራ ይገድባሉ እንጂ ግብይቶቹ አንድ ላይ እንዳይከስሩ አያደርጉም።

6. በጥንድ ሳይሆን በገንዘብ መቁጠር

የተደበቀውን ስጋት ለማየት የሚረዳው መንገድ ውስብስብ አይደለም። እያንዳንዱን ግብይት ወደ ሁለት ወገኖቹ መፍታት፣ የተገዛውን በመደመር፣ የተሸጠውን በመቀነስ ምልክት መጻፍ፣ ከዚያም ለየገንዘቡ መደመር ነው። ባለፈው ክፍል የተጠቀሰው ነጋዴ ይህን ቢያደርግ መዝገቡ ዶላር +20,000፣ ዩሮ +20,000፣ ፓውንድ +20,000፣ አውስትራሊያ ዶላር +20,000፣ የን −80,000 ይል ነበር። የመጨረሻው መስመር ብቻውን ሁሉን ይናገራል።

ዘዴው በተለይ የሚጠቅመው ስሞቹ በሚያሳስቱበት ጊዜ ነው። ዩሮ/ዶላርን እና ፓውንድ/ዶላርን የገዛ፣ ዶላር/የስዊስ ፍራንክን እና ዶላር/የካናዳ ዶላርን የሸጠ ሰው ሁለት ግዢና ሁለት ሽያጭ ስላለው ሚዛኑን የጠበቀ ይመስለዋል። ወደ ወገኖቻቸው ሲፈቱ ግን በአራቱም ውስጥ የተሸጠው ዶላር ነው። መግዛትና መሸጥ የሚሉት ቃላት እዚህ ላይ የሚያመለክቱት ዶላር በጥንዱ ስም ውስጥ በፊት ወይም በኋላ መጻፉን እንጂ የስጋቱን አቅጣጫ አይደለም።

መዝገቡ በተቃራኒውም ያገለግላል፤ የሌለ ስጋት እንዳይፈራ ያደርጋል። ዩሮ/ዶላርን በ10,000 ዶላር ዋጋ፣ ዩሮ/የንን በ10,000 ዶላር ዋጋ የገዛና ፓውንድ/የንን በ10,000 ዶላር ዋጋ የሸጠ ሰው ሁለት የየን ጥንዶች ስላሉት የየን ስጋት ያለበት ይመስላል። ሲደመር ግን ዩሮ +20,000፣ ዶላር −10,000፣ ፓውንድ −10,000፣ የን 0 ነው። የየኑ ግዢና ሽያጭ ተጣፍተዋል። የዚህ ሰው እውነተኛ ትኩረት በዩሮ ላይ ነው፤ መጠንቀቅ ያለበትም ከአውሮፓ ለሚመጣው ዜና ነው።

ከድምሩ በኋላ አንድ ተጨማሪ እርምጃ ያስፈልጋል። ስማቸው የተለያየ ሆኖ በአንድ ምክንያት የሚንቀሳቀሱ ገንዘቦች እንደ አንድ መስመር መታየት አለባቸው። ድርሃም፣ የሳዑዲ ሪያልና የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር ስለታሰሩ በዶላር መስመር ይደመራሉ። የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ዶላሮች የታሰሩ ባይሆኑም የሁለቱም አገሮች ንግድ በጥሬ ምርት ሽያጭና በቻይና ፍላጎት ላይ በእጅጉ ስለሚመሠረት ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ። እነዚህን ለየብቻ መቁጠር የአስመጪውን ሦስት ዕዳዎች ለየብቻ ከመቁጠር አይለይም።

መዝገቡ ከተሠራ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ አጭር ነው፤ ይህ ገንዘብ በሌሎቹ ሁሉ ላይ 10 በመቶ ቢጠናከር ምን ያህል ይጠፋል? የን 80,000 ዶላር ያህል ለሸጠው ነጋዴ መልሱ 8,000 ዶላር ገደማ ነው፤ ይህም የካፒታሉ 40 በመቶ ነው። ነጋዴው በዚህ ሁኔታ ከ2,000 ዶላር በላይ ማጣት የማይፈልግ ከሆነ የየን ሽያጩ በአጠቃላይ ከ20,000 ዶላር መብለጥ የለበትም። አራቱን ጥንዶች መያዝ ከፈለገም ለእያንዳንዱ 5,000 ዶላር ይደርሳል። ገደቡ የሚቀመጠው በገንዘቡ ላይ ነው፤ በጥንዶች መካከል የሚከፋፈለውም ያ ገደብ ነው። በዚህ ልክ ቢሠራ ኖሮ በኦገስት 5 የነበረው ኪሳራ 3,150 ዶላር ገደማ፣ ማለትም ከካፒታሉ 16 በመቶ ያህል ይሆን ነበር። ከታሰበው ይበልጣል፤ የን ከ10 በመቶ በላይ ስለተጠናከረና የአውስትራሊያ ዶላር በራሱ ምክንያት ጭምር ስለወደቀ ነው። ሆኖም ንግዱን ለመቀጠል የሚያስችል ካፒታል ይተርፋል።

7. የተለካ ተዛምዶ የማይናገረው

በመረጃ ማሳያ ገጾች ላይ የጥንዶች ተዛምዶ በሰንጠረዥ ተሠርቶ ስለሚገኝ፣ ወገኖችን በእጅ ከመደመር ይልቅ ሰንጠረዡን ማየት ይበቃል የሚል አስተሳሰብ አለ። ሰንጠረዡ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ቢያንስ ሁለት ወሰን አለው።

የመጀመሪያው የአለካክ ነው። ተዛምዶ መለካት ያለበት በየዕለቱ የዋጋ ለውጥ መቶኛ እንጂ በዋጋዎቹ ቁመት አይደለም። ለስድስት ወር ያህል ሁለቱም ወደ ላይ የሄዱ ሁለት ዋጋዎች በየዕለቱ የማይገናኙ ቢሆኑም በቁመታቸው ሲለኩ ከፍተኛ ተዛምዶ ያሳያሉ። የሚለካበት ጊዜም ውጤቱን ይለውጠዋል። በክፍል 3 እንደታየው በጸጥታ ወራት የተለካው የየን ጥንዶች ተዛምዶ በሁከት ቀን የሚኖረውን ዝቅ አድርጎ ያሳያል።

ሁለተኛው ወሰን የበለጠ አደገኛ ነው። ተዛምዶው የአንድ ተቋም ውሳኔ ውጤት ሊሆን ይችላል፤ ውሳኔው ሲለወጥም ቁጥሩ ያለማስጠንቀቂያ ይሞታል። የስዊዘርላንድ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 2011 አንድ ዩሮ ከ1.20 የስዊስ ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ወሰነ። ዩሮ/ፍራንክ የዩሮ/ዶላር እና የዶላር/ፍራንክ ብዜት ነው። ዋጋው ከወለሉ አጠገብ ሲቆይ ብዜቱ አንድ ቦታ ላይ ይጸናል፤ እንግዲህ ዩሮ/ዶላር ሲወጣ ዶላር/ፍራንክ በዚያው መጠን መውረድ ግዴታው ይሆናል። በእነዚያ ጊዜያት በሰንጠረዡ ላይ የሁለቱ ተዛምዶ ለ−1 የቀረበ ሆኖ ይታያል።

ይህን ያየ ነጋዴ ዩሮ/ዶላርንና ዶላር/ፍራንክን በእኩል መጠን ቢገዛ አንዱ ሌላውን ስለሚያጣፋ ስጋት የሌለበት ይመስለዋል። በየዕለቱም ሂሳቡ እምብዛም ሳይነቃነቅ ይውላል። ወገኖቹን ሲደምር ግን የሚያገኘው ሌላ ነው። በመጀመሪያው ግብይት የተሸጠው ዶላር በሁለተኛው ተገዝቷል፤ የቀረው ዩሮ የተገዛበት፣ ፍራንክ የተሸጠበት አንድ ግብይት ነው። በሌላ አገላለጽ ነጋዴው ያለውን ሁሉ ያዋለው ባንኩ ውሳኔውን አይለውጥም በሚለው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2015 ባንኩ ወለሉን አነሣ። በደቂቃዎች ውስጥ ዩሮ/ፍራንክ ከ0.90 በታች ወርዶ ከዚያ ወደ አንድ ለአንድ አካባቢ ተመለሰ። በመካከሉ ገዢ ስላልነበረ ብዙ የኪሳራ ማቆሚያ ትእዛዞች ከተጻፈባቸው ዋጋ እጅግ ርቀው ተፈጸሙ፤ ካስያዙት ገንዘብ በላይ ከስረው ዕዳ የቀረባቸው ደንበኞች ነበሩ፤ የደንበኞቻቸውን ኪሳራ መሸከም ያልቻሉ አገናኝ ድርጅቶችም ወደቁ።

በዚህ ሁኔታ የተዛምዶ ሰንጠረዡ አልዋሸም። የተለካው በትክክል ተለክቷል። ሰንጠረዡ የተናገረው ስላለፉት ቀናት ሲሆን የወገኖች ድምር የተናገረው ነጋዴው በእጁ ስለያዘው ነገር ነው። ሁለቱ ሲጋጩ፣ ማለትም ሰንጠረዡ «ስጋት የለም» እያለ ድምሩ ትልቅ የፍራንክ ሽያጭ ሲያሳይ፣ ልዩነቱን የፈጠረው ምን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። መልሱ የአንድ ማዕከላዊ ባንክ ቃል ከሆነ ስጋቱ አልጠፋም፤ በዚያ ቃል ላይ ተከማችቷል።

8. ማጠቃለያ

የምንዛሪ ጥንዶች ተዛምዶ በዋነኛነት የሚመነጨው በውስጣቸው ካለው የጋራ ገንዘብ ነው። ስለዚህ የግብይቶች ብዛት የስጋትን መበታተን አያመለክትም፤ አራት የየን ጥንዶች ከአንድ ውርርድ እምብዛም አይበልጡም፣ የን በተነቃነቀ ቁጥርም ይበልጥ ወደ አንድነት ይጠጋሉ። የስጋቱን ትክክለኛ ቦታ የሚያሳየው እያንዳንዱን ግብይት ወደ ሁለት ወገኖቹ ፈትቶ በየገንዘቡ መደመር፣ አብረው የሚሄዱትን ገንዘቦች በአንድ መስመር ማኖር፣ የኪሳራ ገደብንም በጥንድ ሳይሆን በገንዘብ ላይ ማስቀመጥ ነው። የተለካ ተዛምዶ ይህን ሥራ ይደግፋል እንጂ አይተካውም፤ ያለፈው ዝምድና በሰው ውሳኔ የቆመ ሲሆን ዝምድናው የሚጸናው ውሳኔው እስከጸናበት ሰዓት ድረስ ብቻ ነው።